የአንድ ወር የግብይት መዝገብና የሚጠበቅ ውጤት ስሌት፦ በአማኑኤል የጤፍ ንግድ ማሳያነት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አማኑኤል፣ የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ ጤፍ ከአርሶ አደሩ በገበያ ቀን ይገዛል፤ በነጋዴው መጋዘን ይጠራቀማል፤ ከዚያም በአይሱዙ ተጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ወደ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ይላካል። ከግዢው ቀን እስከ ሽያጩ ቀን ያለው ይህ አንድ ዙር በዚህ ጽሑፍ «ግብይት» ተብሎ ይጠራል። የጽሑፉ ዓላማ የአንድ ወር የግብይት መዝገብ ሲዘጋ አራት መለኪያዎች እንዴት እንደሚሰሉ፣ በተለይም የተሰላው ቁጥር ምን ያህል እምነት ሊጣልበት እንደሚችል ማብራራት ነው። መለኪያዎቹ ያተረፉ ግብይቶች ምጣኔ፣ አማካይ ትርፍ፣ አማካይ ኪሳራና የሚጠበቅ ውጤት ናቸው።

እነዚህ መለኪያዎች ይበልጥ የሚታወቁት በአክሲዮንና በውጭ ምንዛሪ ንግድ ነው። የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአገራችንም ስማቸው በተደጋጋሚ መነሳቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ስሌቱ ከአክሲዮን ይልቅ ለእህል ነጋዴው የሚቀርብ ይመስለኛል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲቋቋም በእህል ቢጀምርም፣ ዋና ሥራው ብዙም ሳይቆይ ወደ ቡናና ሰሊጥ አዘንብሏል። ጤፍ ዛሬም በነጋዴ፣ በደላላና በስልክ የሚሸጥ እህል ነው። እሌኒ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ጥናታቸው እንዳሳዩት፣ የክልል እህል ነጋዴ በአዲስ አበባ ገበያ ገዢ የሚያገኘው በአብዛኛው በሚያምነው ደላላ አማካይነት ነው። በማዕከል የተመዘገበ ዋጋ በሌለበት ንግድ ውስጥ ነጋዴው ስለ ሥራው ያለው ማስረጃ የራሱ መዝገብ ብቻ ነው። ያን መዝገብ አንብቦ «በሚመጣው ወር ተበድሬ ዋና ገንዘቤን ላሳድግ ወይስ አላሳድግ» ብሎ የሚወስነውም ራሱ ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው መዝገብ ለማሳያ የተዘጋጀ ነው፤ አኃዞቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የገበያ ጥናት ውጤቶች አይደሉም። አንድ የአማኑኤል ነጋዴ በጥር ወር 20 ግብይቶችን ፈጽሞ ዘግቷል እንበል። እያንዳንዱ ግብይት 10 ኩንታል ነጭ ጤፍ ሲሆን የግዢው ዋጋ በኩንታል በ10,000 ብር አካባቢ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ተገዝተው ገና ያልተሸጡ ሁለት ግብይቶች በመጋዘን ቀርተዋል። ለእነዚህ ለሁለቱ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ወጪ ሳይቀነስ ትርፍ የለም

ነጋዴው ስለ ወሩ ቢጠየቅ «ከሃያው የከሰርኩት በሁለቱ ብቻ ነው» ሊል ይችላል። አባባሉም ውሸት አይደለም፤ በ18ቱ ግብይቶች አዲስ አበባ ላይ የሸጠበት ዋጋ አማኑኤል ላይ ከገዛበት ዋጋ በልጧል። በዚህ አቆጣጠር ያተረፉ ግብይቶች ምጣኔ 90 በመቶ ይሆናል። ነገር ግን በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ገና ትርፍ አይባልም። በማሳያችን አንድ ኩንታል ከመጋዘን ተነስቶ እስኪሸጥ ድረስ የሚከተሉት ወጪዎች ይደርሱበታል፦ ለመጓጓዣ 200 ብር፣ ለጫኝና አውራጅ 60 ብር፣ ለጆንያ 40 ብር፣ ለደላላ 50 ብር፤ በመጨረሻም የሚዛን ጉድለት አለ። አማኑኤል ላይ 10 ኩንታል ሆኖ የተመዘነ ጤፍ እህል በረንዳ ሲደርስ ጥቂት ኪሎ ቢጎድል፣ ያ ጉድለት በማንም ደረሰኝ ላይ ሳይታይ ገንዘብ ይወስዳል። በእኛ መዝገብ ጉድለቱ በኩንታል 100 ብር ተገምቷል። ድምሩ 450 ብር ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የእያንዳንዱ ግብይት ውጤት በዋጋ ልዩነት ሳይሆን በገባና በወጣ ገንዘብ መሰላት አለበት። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ በሙሉ ተወስዶ፣ ለግዢና ለማናቸውም ወጪ የወጣው በሙሉ ይቀነሳል፤ ቀሪው በተገዛው ኩንታል ብዛት ይካፈላል። የተሸጠው ሳይሆን የተገዛው ኩንታል አካፋይ የሚሆነው የሚዛን ጉድለቱ በውጤቱ ውስጥ እንዲታይ ነው። በዚህ መንገድ የተሰሉት የ20ዎቹ ግብይቶች የተጣራ ውጤቶች፣ በብር በኩንታል፣ በሽያጭ ቅደም ተከተላቸው እነዚህ ናቸው፦

350፣ 200፣ −50፣ 500፣ 250፣ −1000፣ 300፣ 150፣ 0፣ 400፣ 250፣ −100፣ 350፣ 200፣ −1200፣ 450፣ 300፣ −150፣ 250፣ 350

አሁን ያተረፉት 14፣ የከሰሩት 5፣ ያላተረፈም ያልከሰረም 1 ናቸው። ያተረፉ ግብይቶች ምጣኔ ከ90 በመቶ ወደ 70 በመቶ ወርዷል። ሦስት ግብይቶች፣ ማለትም 50፣ 100 እና 150 ብር ያጎደሉት፣ በዋጋ ልዩነት ሲታዩ አትራፊ መስለው የነበሩ ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ወጪውን ብቻ ሸፍኖ ዜሮ ሆኗል።

አራቱ ቁጥሮች

የ14ቱ አትራፊ ግብይቶች ድምር 4,300 ብር ነው፤ ለ14 ሲካፈል አማካይ ትርፉ 307 ብር ከ14 ሳንቲም ይሆናል። የ5ቱ ከሳሪ ግብይቶች ድምር 2,500 ብር ስለሆነ አማካይ ኪሳራው 500 ብር ነው። የሚጠበቅ ውጤት የሚሰላው እንዲህ ነው፦

የሚጠበቅ ውጤት = (ያተረፉ ምጣኔ × አማካይ ትርፍ) − (የከሰሩ ምጣኔ × አማካይ ኪሳራ)

= (0.70 × 307.14) − (0.25 × 500) = 215 − 125 = 90 ብር በኩንታል

እዚህ ላይ በተማሪዎች ሥራ ውስጥም ሳይቀር ብዙ ጊዜ የሚታይ ስሕተት አለ። የከሰሩ ምጣኔን ከመቁጠር ይልቅ ከ1 ላይ 0.70 በመቀነስ 0.30 አድርጎ መውሰድ ነው። ይህ ሲደረግ ዜሮ የሆነው ግብይት የ500 ብር ኪሳራ እንደደረሰበት ይቆጠርና ውጤቱ 65 ብር ይወጣል። ዜሮውን ከመዝገቡ ማውጣትም መፍትሔ አይሆንም፤ አካፋዩ 19 ሲሆን ውጤቱ ወደ 95 ብር ያብጣል። ነጋዴው ገንዘቡን አሥሮ፣ መኪና ተከራይቶ የፈጸመው ግብይት ስለሆነ ዜሮው በአካፋዩ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በትርፍም በኪሳራም አማካይ ውስጥ ግን አይገባም።

ስሌቱ ልክ መሆኑን ማረጋገጥ ቀላል ነው። የሚጠበቅ ውጤት የሁሉም ውጤቶች ተራ አማካይ እንጂ ሌላ ነገር አይደለም፤ 1,800 ለ20 ሲካፈል ያው 90 ይመጣል። ሁለቱ መንገዶች ካልተስማሙ ከምጣኔዎቹ አንዱ በስሕተት ተቆጥሯል ማለት ነው። የተጣራው ውጤት በኤክሴል H ዓምድ ውስጥ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ ከተመዘገበ፣ የሚከተሉት ቀመሮች በቅደም ተከተል ያተረፉ ምጣኔን፣ አማካይ ትርፍን፣ አማካይ ኪሳራን (በአሉታዊ ምልክት)፣ የሚጠበቅ ውጤትንና መደበኛ ስሕተቱን ይሰጣሉ፦

```
=COUNTIF(H2:H21,">0")/COUNT(H2:H21)
=AVERAGEIF(H2:H21,">0")
=AVERAGEIF(H2:H21,"<0")
=AVERAGE(H2:H21)
=STDEV.S(H2:H21)/SQRT(COUNT(H2:H21))
```

ተራው አማካይ ከበቃ ውጤቱን ወደ ሦስት መከፋፈል ለምን አስፈለገ? ክፍፍሉ ገንዘቡ ከየት እንደመጣና በየት እንደሄደ ስለሚያሳይ ነው። በማሳያችን አማካይ ኪሳራው ከአማካይ ትርፉ በጣም ይበልጣል። ዜሮውን ትተን ባተረፉትና በከሰሩት መካከል ብቻ ብናይ፣ ይህ ንግድ ሳያተርፍ ሳይከስር እንዲቆም ካተረፉና ከከሰሩ ግብይቶች ውስጥ 62 በመቶ ያህሉ ማትረፍ አለባቸው (500 ለ807.14 ሲካፈል)። በመዝገቡ ያተረፉት ከ19 ውስጥ 14 ናቸው፤ ይህም 74 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነቱ በመቶኛ ሲታይ ሰፊ ቢመስልም፣ ካተረፉት ውስጥ ሦስቱ ብቻ በአማካይ ኪሳራ ቢለወጡ ወሩ በኪሳራ ይዘጋል።

አማካይ ኪሳራው ራሱም ጠለቅ ብሎ መታየት ይገባዋል። 500 ብር የከሰረ አንድም ግብይት በመዝገቡ የለም። ሦስቱ ከ50 እስከ 150 ብር ያጎደሉ ጥቃቅን ሲሆኑ፣ ሁለቱ ግን 1,000 እና 1,200 ብር አጥፍተዋል፤ ከጠቅላላው ኪሳራ 88 በመቶ የሚሆነው የእነዚህ የሁለቱ ነው። ለጥቃቅኖቹ መነሻው የወጪ ጉዳይ ነው፤ ጥሩ ኪራይ በመደራደር ወይም ሙሉ ጭነት በመጠበቅ ሊቀንሱ ይችላሉ። ትላልቆቹ ግን ሌላ ዓይነት ናቸው። በአንድ ሌሊት ብዙ መኪና እህል በረንዳ ሲገባ ዋጋው ይወርዳል፤ ወይም ገዢው ጆንያውን ፈትቶ ነጩ ጤፍ ከሰርገኛ ጋር ተቀላቅሎ ሲያገኘው በነጭ ዋጋ አልገዛም ይላል፤ የተጫነውን መልሶ ወደ ጎጃም መውሰድ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «የኪሳራው ምክንያት» የሚል አንድ ተጨማሪ ዓምድ ከማናቸውም ቀመር በላይ ይጠቅማል።

ያልተሸጡት ሁለት ግብይቶች

እስካሁን የተሰላው በተዘጉ ግብይቶች ላይ ብቻ ነው። በመጋዘን የቀሩት ሁለቱ በኩንታል 10,400 ብር ተገዝተዋል፤ የወሩ መጨረሻ ቀን ግን እህል በረንዳ ላይ የሚከፈለው ዋጋ 9,900 ብር ሆኗል እንበል። በዚያ ዋጋ ቢሸጡ 500 ብር የዋጋ ልዩነትና 450 ብር ወጪ፣ በጠቅላላው በኩንታል 950 ብር ይከስራሉ። ነጋዴው በዚህ ጊዜ «ያልተሸጠ እህል አልከሰረም» ይል ይሆናል። ሁለቱ ወደ ስሌቱ ሲገቡ ግን ድምሩ ከ1,800 ላይ 1,900 ተቀንሶ −100 ይሆናል፤ ለ22 ሲካፈል የሚጠበቀው ውጤት በኩንታል −4 ብር ከ55 ሳንቲም ነው። ያተረፉ ምጣኔ ወደ 64 በመቶ ይወርዳል፤ አማካይ ኪሳራ ወደ 629 ብር ይወጣል። ወሩ አትራፊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ጥያቄ የተወሰነው በመዝገቡ ውስጥ ባሉት ሳይሆን ከመዝገቡ ውጪ በቀሩት ነው።

ይህ የዘፈቀደ አጋጣሚ አይደለም። ኸርሽ ሼፍሪንና ሜየር ስታትማን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ ባለሀብቶች ያተረፈላቸውን ቶሎ እንደሚሸጡና የከሰረባቸውን ይዘው እንደሚቆዩ ገልጸዋል። ቴራንስ ኦዲን በ1998 እ.ኤ.አ. በአንድ የአሜሪካ የአክሲዮን ድለላ ድርጅት የደንበኞች ሒሳቦች ላይ ያንኑ ዝንባሌ አግኝቷል። ትርጉሙ ለእኛ ስሌት ግልጽ ነው፦ የተዘጉ ግብይቶች ከሁሉም ግብይቶች በዕጣ የተወሰደ ናሙና አይደሉም። አትራፊው ቶሎ ስለሚዘጋ፣ ኪሳራው ደግሞ ስለሚዘገይ፣ በወር መጨረሻ የሚሰላ የተዘጉ ግብይቶች ውጤት ወደ ላይ ያዘነብላል። ይህን ማወቅ የሚቻለው በቀላሉ ነው፤ የተዘጉት ግብይቶች በአማካይ ስንት ቀን እንደቆዩና ያልተዘጉት እስካሁን ስንት ቀን እንደቆዩ ማነጻጸር ነው። ያልተዘጉት ዕድሜያቸው ብዙ ከሆነ የተዘጉት ቁጥር አይታመንም።

ይሁንና ለነጋዴው ክርክር ፍትሕ ማድረግ ያስፈልጋል። ጤፍ በነቀዝ እምብዛም የማይደፈር፣ በደረቅ መጋዘን ለረጅም ጊዜ የሚቆይ እህል ነው፤ አዝመራ በተሰበሰበበት በጥር ገዝቶ እስከ ክረምት ማቆየት የታወቀ የንግድ ዘዴ ነው። ስለዚህ ይዞ መቆየቱ በራሱ ስሕተት አይባልም። ነገር ግን እሱ ሌላ ንግድ ነው፤ የመጋዘን ወጪው፣ ገንዘቡ የሚታሰርበት ጊዜና የዋጋው ጉዞ ከሳምንታዊው ጭነት የተለየ ነው። የራሱ መዝገብና የራሱ የሚጠበቅ ውጤት ሊኖረው ይገባል፤ የትኛው እህል በየትኛው መዝገብ እንደሚገባም በግዢው ቀን መወሰን አለበት። ዋጋ ከወረደ በኋላ እህሉን «ለክረምት ያስቀመጥኩት ነው» ብሎ ማዛወር የሳምንታዊውን መዝገብ ከኪሳራ ያጸዳዋል፤ ኪሳራውን ግን አያጠፋውም።

ለተመራማሪ የሚሻለው አቆጣጠር ግብይቱን በሽያጩ ወር ሳይሆን በግዢው ወር መመደብ ነው። ከጥር 1 እስከ ጥር 30 የተገዛው ሁሉ የጥር ነው፤ መቼም ይሸጥ መቼ እስኪዘጋ ድረስ ይከተሉታል። ጊዜያዊው ሪፖርት በወሩ መጨረሻ ዋጋ ይሠራል፤ የመጨረሻው ውጤት የሚታወቀው ደግሞ የመጨረሻው ጆንያ ሲሸጥ ነው።

መጠኑ ሲለያይ

በማሳያችን ሁሉም ግብይቶች እኩል 10 ኩንታል ናቸው፤ በእውነተኛው መዝገብ ግን እንዲህ አይሆንም። 1,200 ብር የከሰረው አሥራ አምስተኛው ግብይት 10 ሳይሆን 30 ኩንታል ቢሆን ኖሮ፣ በግብይት የተሰላው አማካይ ያው 90 ብር ሆኖ ይቀራል። በኪስ ያለው ገንዘብ ግን ሌላ ይላል። ቀሪዎቹ 19 ግብይቶች 30,000 ብር አስገብተዋል፤ ይህ አንዱ ብቻውን 36,000 ብር ወስዷል፤ ወሩ በ6,000 ብር ኪሳራ ይዘጋል። ስለዚህ በግብይት የተሰላውንና በኩንታል ክብደት የተሰላውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሲራራቁ ነጋዴው ትልቅ ጭነት የሚጭንበት ጊዜ ከሌላው ጊዜ የባሰ ወይም የተሻለ መሆኑን ያመለክታል፤ ለምሳሌ ዋጋ ከፍ ሲል ተስፋ አድርጎ አብዝቶ የሚገዛ ከሆነ ከፍተኛውን ጭነት ዋጋው ሊወርድ ሲል ያገኘዋል።

የ20 ግብይቶች ማስረጃነት

ያልተሸጡትን ለጊዜው እንተዋቸውና ወደ 90 ብሩ እንመለስ። የ20ዎቹ ውጤቶች መደበኛ ልይይት 445 ብር ያህል ነው። ይህ በ20 ካሬ ሥር ሲካፈል መደበኛ ስሕተቱ 99.5 ብር ይሆናል፤ ማለትም ስሕተቱ ከሚጠበቀው ውጤት ራሱ ይበልጣል። በ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰን፣ ለ19 የነጻነት ደረጃ የሚውለውን 2.09 ተጠቅመን ስናሰላ፣ እውነተኛው የሚጠበቅ ውጤት ከ−118 ብር እስከ +298 ብር ባለው ውስጥ ሊሆን ይችላል። የወሩ መዝገብ ይህ ንግድ የሚያተርፍ ነው ለማለትም የሚያከስር ነው ለማለትም አይበቃም።

ወሰኑም ቢሆን ከእውነቱ ይልቅ የጠበበ ሳይሆን አይቀርም። ቀመሩ እያንዳንዱ ግብይት ከሌላው ነጻ ነው ብሎ ይነሳል። በአንድ አይሱዙ ተጭነው በአንድ ቀን የተሸጡ ሦስት ግብይቶች ግን ለገበያው አንድ ክስተት ናቸው፤ ዋጋ ቢወርድ ሦስቱም አብረው ይወርዳሉ። እንዲህ ያለ መዝገብ ላይ የሚሠራ ተማሪ በግብይት ሳይሆን በጭነት ቀን ደምሮ መቁጠር አለበት፤ ያኔ 20 የነበረው ናሙና ምናልባት 8 ወይም 9 ሆኖ ይገኛል።

ታዲያ ስንት ግብይት ይበቃል? ልይይቱ 445 ብር ሆኖ ቢቀጥልና እውነተኛው የሚጠበቅ ውጤት 90 ብር ቢሆን፣ የመተማመኛ ወሰኑ ከዜሮ በላይ እንዲወጣ 94 ያህል ነጻ ግብይቶች ያስፈልጋሉ (1.96 በ445 ተባዝቶ፣ ለ90 ተካፍሎ፣ ውጤቱ በራሱ ሲባዛ)። በወር 20 ከሆነ ይህ አምስት ወር ገደማ ነው። ችግሩ ጥር ላይ የተጀመረው መዝገብ አምስት ወር ሲሞላው ግንቦት መድረሱ ነው። በጥር አውድማው ገና ጤፍ እያወጣ አርሶ አደሩ ለግብርና ለማዳበሪያ ዕዳ ይሸጣል፤ በግንቦት ገበያ የሚወጣው እህል ይሳሳል፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ የገጠሩ መንገድ ይበላሻል። የአምስቱ ወራት ግብይቶች ከአንድ ሥርጭት የተወሰዱ ናቸው ማለት ያስቸግራል። ናሙናውን በጊዜ ማርዘም የዘፈቀደ ስሕተትን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሚለካውን ነገር ራሱን ይለውጠዋል። ከዚህ የሚያወጣው አንዱ መንገድ የተለያዩ ዓመታትን ተመሳሳይ ወራት ማጣመር ነው። ሌላው በአንድ ከተማ፣ በአንድ ወር፣ የበርካታ ነጋዴዎችን መዝገብ አንድ ላይ መሰብሰብ ነው። ሁለተኛው ፈጣን ቢሆንም በየነጋዴው መካከል ያለውን የችሎታና የደላላ ልዩነት ከውጤቱ ለይቶ የሚያሳይ ሞዴል ይጠይቃል።

ወደ ተበዳሪው ነጋዴ ስንመለስ፣ በእጁ ያሉት ቁጥሮች ሦስት ናቸው፦ በዋጋ ልዩነት 90 በመቶ ያተረፈ ወር፣ በተጣራ ስሌት በኩንታል 90 ብር፣ ያልተሸጠው ሲጨመር በኩንታል ከዜሮ በታች 5 ብር ያህል። አበዳሪው የሚያየው የመጀመሪያውን ከሆነ ብድሩ ይፈቀዳል፤ ወለዱ ግን የሚከፈለው ከሦስተኛው ነው። በሚቀጥለው ወር የሚገዛው የየካቲት ጤፍ በአዲስ ገጽ ይጀምር፤ ሁለቱ የጥር ግብይቶች የሚሸጡበት ቀንና ዋጋ ግን በጥር ገጽ ላይ፣ ለእነርሱ በተተወው ባዶ ረድፍ ይጻፍ።